በመታሰቢያ አዳራሽ የተነገረ ነውር፦ «ኪክ ዘ ባኬት» የተባለው የእንግሊዝኛ ፈሊጥ

በዲሴምበር 1989 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለንደን በሚገኘው የቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ታላቅ አዳራሽ ውስጥ የአንድ ሟች ወዳጆችና የሥራ ባልደረቦች ለመታሰቢያ ተሰብስበው ነበር። ሟቹ ግሬም ቻፕማን ይባላል። ሕክምና ያጠናው በዚያው ሆስፒታል ቢሆንም ኑሮውን የመሠረተው በቀልድ ጸሐፊነትና በተዋናይነት ነው፤ ሞንቲ ፓይተን በተባለው የእንግሊዝ የቀልድ ቡድን ውስጥ ከነበሩት ስድስት ሰዎች አንዱም እሱ ነበር። ከሁለት ወር በፊት፣ ኦክቶበር 4 ቀን፣ በ48 ዓመቱ በካንሰር ሞቷል። ለንግግር የተነሣው ጆን ክሊዝ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ዘመናቸው ጀምሮ አብሮት ሲጽፍ የኖረ ጓደኛው ነው። ክሊዝ ፊቱን ኮስተር አድርጎ፣ የሟቹን ሙሉ ስም ጠርቶ፣ እንደማንኛውም የሐዘን ንግግር አድራጊ ጀመረ። ቻፕማን ከእንግዲህ እንደሌለ፣ መኖሩን እንዳቆመ፣ ሕይወት እንደተለየው፣ በሰላም እንዳረፈ ተናገረ፤ ከዚያም ድምፁን ሳይለውጥ «ኪክድ ዘ ባኬት» አለና ሌሎች የዚያው ዓይነት አባባሎችን አከታተለበት። ተሰብሳቢው ሳቀ።

ይህ ሐረግ ቃል በቃል ሲወሰድ «ባልዲውን በእግሩ መታ» ማለት ሲሆን ፈሊጣዊ ፍቺው «ሞተ» ነው። እንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በቀብር ሥርዓት ላይ፣ የሟች ቤተሰብ በተቀመጠበት፣ ማንም ጨዋ ሰው እንደማይለውም እንዲሁ ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ የዚያ ቀን ሁኔታ ሁለት ጥያቄዎችን አንድ ላይ ያነሣል፤ ይህ አባባል ለምን ነውር ሆነ? ነውር ከሆነስ በዚያ አዳራሽ ለምን ቁጣን ሳይሆን ሳቅን አስነሣ? ሁለቱን ለመመለስ በመጀመሪያ ባልዲው ከየት እንደመጣ ማየት ይጠቅማል፤ ብዙ ሰው የነውሩን ምክንያት የሚፈልገው እዚያ ነውና። እኔ ግን መልሱ እዚያ አለ ብዬ አላምንም።

አባባሉ በጽሑፍ ከሰፈረባቸው ቀደምት ቦታዎች አንዱ ፍራንሲስ ግሮስ በ1785 ለንደን ውስጥ ያሳተመው የተራ ሰዎች ንግግር መዝገበ ቃላት ነው። ግሮስ የጥንት ቅርሶችን የሚያጠና የቀድሞ መኮንን ሲሆን መጽሐፉ የሌቦችን፣ የወታደሮችን፣ የመርከበኞችንና የመጠጥ ቤት ደንበኞችን ቃላት የሚሰበስብ ነበር። አባባሉን ሲመዘግብ ፍቺውን ብቻ በአጭሩ ሰጥቶ አለፈ፤ ስለ መነሻው አንድም ቃል አልጨመረም። ይህ ዝምታ በኋላ ለመጡት ሰዎች ሰፊ ሜዳ ተወላቸው።

ሜዳውን ቀድሞ የያዘው፣ እስከ ዛሬም በብዙ ሰው አፍ የሚገኘው ማብራሪያ፣ ራሱን የሚሰቅል ሰው ባልዲ ደፍቶ ላዩ ላይ ይቆምና ገመዱን ካጠለቀ በኋላ ባልዲውን በእግሩ መትቶ ያስወግደዋል የሚለው ነው። በ1823 ለንደን ውስጥ የታተመ አንድ የአራዳ ቃላት መዝገብ ይህንኑ በቀልድ መልክ ተርኮታል። ታሪኩ ልብ ወለድ የሚመስልበት በቂ ምክንያት አለ። አንደኛ፣ አባባሉ ከተመዘገበ ወደ አርባ ዓመት ገደማ ቆይቶ የመጣ ነው፤ ተረቱ አባባሉን ለማብራራት ተፈጠረ እንጂ አባባሉ ከተረቱ አልወጣም ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ሁለተኛ፣ ነገሩን ወደ ሞት ቅጣት ለማዞር የሚሞክሩ ሰዎች በዘመኑ የነበረውን የስቅላት አፈጻጸም ይዘነጋሉ። በለንደን ታይበርን በተባለው ቦታ ፍርደኞች ይቆሙ የነበረው በጋሪ ላይ ሲሆን ጋሪው ከሥራቸው ይነዳ ነበር፤ ከ1783 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በኒውጌት እስር ቤት ፊት ለፊት ወለሉ የሚከፈት መድረክ ሥራ ላይ ዋለ። በሁለቱም ዘዴዎች ባልዲ ቦታ የለውም።

ሌላው ማብራሪያ ከካቶሊካውያን ሥርዓት የመጣ ነው። አስከሬን በሚዘረጋበት ጊዜ በእግሩ በኩል የጸበል ዕቃ ይቀመጥ ስለነበር እግሩ ዕቃውን ይነካል ይባላል። ጉድለቱ ግልጽ ነው፤ አስከሬን አይራገጥም፣ አባባሉም የሚናገረው ስለ መሞት እንጂ ሞቶ ስለ መዘርጋት አይደለም። በዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም።

በርከት ያለ ማስረጃ ያለው ሦስተኛው ነው፤ በዚህ ማብራሪያ ባልዲው ባልዲ አይደለም። በጥንቱ እንግሊዝኛ «ባኬት» የሚል ሌላ ቃል ነበር፤ ትርጉሙም ዕቃ የሚንጠለጠልበት ወይም በትከሻ የሚሸከሙበት አግዳሚ እንጨት ነው። ምናልባት ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ የሚዛን ክንድን ከሚመለከት ቃል የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ሼክስፒር በ«ሄንሪ አራተኛ» ሁለተኛ ክፍል፣ በ1600 በታተመው ተውኔት፣ ፎልስታፍ የተባለው ገጸ ባሕርይ ስለ ጠማቂ «ባኬት» ሲናገር ይህንኑ የጠማቂዎች መሸከሚያ እንጨት ማለቱ እንደሆነ ተንታኞች ይገልጻሉ። የታላቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆችም በ19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ይህን ቃል ሲመዘግቡ፣ በምሥራቅ እንግሊዝ በምትገኘው ኖርፎክ አውራጃ የታረደ አሳማ በኋላ እግሮቹ የሚንጠለጠልበት እንጨት «ባኬት» እንደሚባል የሚገልጽ አስተያየት አስፍረዋል። የበዓል በግ ታርዶ በኋላ እግሩ ተሰቅሎ ሲገፈፍ ያየ ሰው ሥዕሉ አይጠፋውም፤ ሥጋው ሕይወት ከተለየው በኋላም እየተንቀጠቀጠ ይወራጫል። አሳማው የተሰቀለበትን እንጨት መታ ማለት እንግዲህ አበቃለት፣ አለቀለት ማለት ነው።

ይህን መላ ምት ከሁሉ አብልጬ የምቀበልበት አንዱ ምክንያት ሰዋስዋዊ ነው። አባባሉ «አንድ ባልዲ» አይልም፤ «ዘ» የሚለውን መጠቆሚያ ይዞ «ባልዲውን» ይላል። በማረጃው ግቢ ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው፣ በቦታው የቆመ አንድ እንጨት ከነበረ ይህ አነጋገር ተፈጥሯዊ ይሆናል። ይሁን እንጂ ይህ ማስረጃ የሚያዘነብል እንጂ የሚቆርጥ አይደለም፤ ፈሊጦች ያለ ምክንያትም መጠቆሚያ ይይዛሉ። ዋናው ክፍተት ደግሞ የኖርፎክ ገበሬ ቃል እንዴት ወደ ለንደን መጠጥ ቤቶች እንደገባ የሚያሳይ ጽሑፍ አለመገኘቱ ነው። መዝገበ ቃላቱም «ሳይሆን አይቀርም» ከማለት አላለፈም፤ ይህም ተገቢ ጥንቃቄ ነው።

አሁን ወደ ነውሩ እንመለስ። አባባሉ ቀብር ላይ የሚያስቀይመው ሟቹን ከአሳማ ጋር ስለሚያመሳስል ነው የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ማብራሪያው ያምራል፤ ግን አይሠራም። ዛሬ አባባሉን የሚጠቀመው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ስለ ኖርፎክ አሳማ ሰምቶ አያውቅም፤ በአእምሮው አንዳች ነገር የሚታየው ከሆነም የቆርቆሮ ባልዲ ነው። በ1963 በወጣ አንድ ታዋቂ የአሜሪካ አስቂኝ ፊልም ውስጥ ጂሚ ዱራንቴ የተባለው ተዋናይ ገና በመጀመሪያው ትዕይንት ሲሞት እግሩ እውነተኛ ባልዲ መትቶ ሲያንከባልል ይታያል፤ ተመልካቹን ያሳቀው ያው ተራ ባልዲ ነው። ሰው የማያውቀው መነሻ ሊያስቀይመው አይችልም። የነውሩ ምንጭ አባባሉ ዛሬ በሚሠራው ሥራ ውስጥ መፈለግ አለበት።

የመጀመሪያው ሥራው ርቀትን ማሳየት ነው። ከግሮስ ዘመን ጀምሮ ይህ የመጠጥ ቤት ቃል ነው፤ ተናጋሪው ሞቱ እንዳልነካው ያስታውቃል። ይህ የሚታየው በማን ላይ እንደሚነገር ሲታይ ነው። አንድ ሽማግሌ «እኔ ባልዲውን በረገጥሁ ጊዜ ይህ ቤት የናንተ ነው» ቢል ማንም አይቆጣም፤ የራሱ ሞት ነው፣ ሊቀልድበት መብት አለው። ስለ አሮጌ መኪና ወይም ስለ ማጠቢያ ማሽን ቢባልም ችግር የለውም። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ስለሞተ ንጉሥ ቢነገር አንባቢው ጸሐፊውን ትንሽ ተጫዋች ነው ከማለት አያልፍም። ነገር ግን ትናንት ስለሞተ ሰው፣ በሦስተኛ መደብና ባለፈ ጊዜ፣ ሚስቱ ወይም ልጁ እየሰማ ሲነገር፣ ተናጋሪው «የእናንተ ሐዘን ለእኔ ቀላል ነገር ነው» ያለ ያህል ይሆናል። ያው ሐረግ፣ ያው ፍቺ፤ የተለወጠው በተናጋሪው፣ በሟቹና በሰሚው መካከል ያለው ርቀት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሥራው ሞትን ወደ አንድ ቅጽበት ማጥበብ ነው። በእንግሊዝኛ «ለሦስት ሳምንት እየሞተ ነበር» ማለት ይቻላል፤ «ለሦስት ሳምንት ባልዲውን ሲረግጥ ነበር» ግን ለተናጋሪዎቹ ጆሮ አይሄድም። ረገጣ የአፍታ ድርጊት በመሆኑ ፈሊጡም ያንን ጠባይ ይዞ ቀርቷል። የታመመ ሰው ቤተሰብ የሚያስታውሰው ደግሞ ያንን ረጅም ጊዜ ነው፤ የሆስፒታሉን ሌሊት፣ የመጨረሻውን ወር፣ ስንብቱን። አባባሉ ይህን ሁሉ ይደመስስና አንድ ድንገተኛ የእግር ንቅናቄ ብቻ ያስቀራል።

ከዚህ ጋር የሚዛመደው ሦስተኛው ነገር አባባሉ ምንም ዓይነት ክብር ሊጨመርበት አለመቻሉ ነው። የቋንቋ ሊቃውንት ይህን ሐረግ የደነደነ ፈሊጥ ምሳሌ አድርገው ደጋግመው ይጠቅሱታል፤ ጄፍሪ ነንበርግ፣ አይቫን ሳግና ቶማስ ዋሶ በ1994 ባሳተሙት ጥናት ውስጥ ፍቺያቸው በየቃላቱ ሊከፋፈል ከማይችል ሐረጎች ጋር መድበውታል። ባልዲው የሚወክለው ነገር የለም፣ ረገጣውም እንዲሁ፤ «ሞተ» የሚለው ፍቺ ለሐረጉ በጅምላ የተሰጠ ነው። ስለዚህ «ባልዲው በእሱ ተረገጠ» ብሎ ወደ ተገብሮ ቢለውጡት ፈሊጡ ይጠፋና እውነተኛ ባልዲ ብቻ ይቀራል። የሐዘን ማስታወቂያ ደግሞ የሚኖረው በተጨማሪ ቃላት ነው፦ «በሰላም»፣ «በልጆቹ ተከብቦ»፣ «ከረጅም ሕመም በኋላ»። እነዚህን ከባልዲው ጋር ማጣመር የሚሞክር ሰው የሚያገኘው ቀልድ ነው፤ «በልጆቹ ተከብቦ ባልዲውን ረገጠ» የሚል ማስታወቂያ ቢታተም አንባቢው ስድብ ወይም ፌዝ ነው ብሎ ይወስደዋል። በአማርኛ «ዐረፉ» ወይም «ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ» በምንልበት ጊዜ የአክብሮት መደቡ በራሱ በግሡ ውስጥ ይገባል፤ እንግሊዝኛ ግን እንዲህ ያለ የግሥ እርባታ ስለሌለው ክብሩ የሚሸከመው በቃሉ ምርጫና በተጨማሪ ቃላት ብቻ ነው። ሁለቱንም የሚያሳጣ ሐረግ ለሐዘንተኛ ምንም አይተውለትም።

ይህ ሁሉ እውነት ከሆነ የክሊዝ ንግግር መክሸፍ ነበረበት። ያልከሸፈበትን ምክንያት ለመረዳት ወደ ዲሴምበር 1969 መመለስ ያስፈልጋል፤ በዚያ ወር ቡድኑ በቢቢሲ ቴሌቪዥን ስለ ሞተ በቀቀን የሚያወሳ አጭር ትዕይንት አቀረበ። ክሊዝ የተጫወተው ደንበኛ የሞተ ወፍ ተሽጦለት ወደ ሱቅ ይመለሳል፤ ማይክል ፔሊን የተጫወተው ነጋዴ ወፉ ዐረፍ ብሎ ነው እንጂ አልሞተም እያለ ይከራከረዋል። ደንበኛው በመጨረሻ ትዕግሥቱ ያልቅና እንግሊዝኛ ለሞት ያለውን አባባል ሁሉ፣ ከቅኔያዊው እስከ ተራው፣ በአንድ ትንፋሽ ይደረድራል፤ «ኪክድ ዘ ባኬት» ከመካከላቸው አንዱ ነው። ትዕይንቱን የጻፉት ክሊዝና ቻፕማን ናቸው። በመጀመሪያ ሐሳቡ ስለ ተበላሸ መኪና ነበር፤ መኪናውን ወደ በቀቀን የለወጠው ቻፕማን መሆኑን ክሊዝ ራሱ ተናግሯል።

ስለዚህ በአዳራሹ የተሰማው ሐረግ የሟቹ የራሱ ሥራ ነበር። ከላይ እንዳየነው ሰው በራሱ ሞት ላይ ሊቀልድ ይችላል፤ ክሊዝ ያደረገው ያንን መብት ለሟቹ በውክልና መጠቀም ነው። ለበቀቀን ሲነገር ምንም ዋጋ ያልነበረው ዝርዝር ለጓደኛ ሲነገር ከበደ፤ ክብደቱን ተሰብሳቢው ሁሉ ያውቅ ነበር። ሐረጉ ብቻውንም አልመጣም። «በሰላም ዐርፏል» ከሚለው ቀጥሎ በአንድ ረድፍ መደርደሩ ተናጋሪው በሟቹ ላይ ሳይሆን በእኛ የሽፋን ቃላት ላይ እየቀለደ መሆኑን አሳወቀ። ያም ሆኖ ክሊዝ ነገሩን ለአድማጭ ግምት አልተወውም። እንዲህ ያለ ችሎታና ደግነት የነበረው ሰው በ48 ዓመቱ መሄዱ የሚያሳዝን መሆኑን ከገለጸ በኋላ ወዲያው ሟቹን የሚሳደብ ዓረፍተ ነገር ጨመረና ምክንያቱን ተናገረ፤ ይህን ሳልል ብቀር፣ እናንተን የማስደንገጥ ዕድሉን ባሳልፍ፣ ይቅር አይለኝም አለ። የርቀት ምልክት የሆነው አባባል በዚያ ማብራሪያ የቅርበት ምልክት ሆነ።

የቦታውና የጊዜው ሁኔታም ረድቶታል፤ ይህን ብዙዎቹ ንግግሩን የሚያደንቁ ሰዎች ይዘነጉታል። ይህ የቀብር ሥርዓት አልነበረም። ቀብሩ በቤተሰብ ብቻ የተፈጸመ ሲሆን የቡድኑ አባላት ጋዜጠኞች ተከትለዋቸው እንዳይመጡ በማሰብ ሆን ብለው ቀርተዋል፤ በእነሱ ፈንታ የአበባ ጉንጉን ላኩ። ንግግሩ የተደረገው ከሁለት ወር በኋላ፣ ትዕይንቱን በቃሉ በሚያውቅ ሰው ፊት ነው። ያንኑ ንግግር በኦክቶበር፣ በሣጥኑ አጠገብ፣ ቡድኑን በማያውቁ ዘመዶች ፊት ቢያደርገው ኖሮ ያው ዝርዝር ነውር ሆኖ ይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ። እኛም ዘንድ ቢሆን ለቅሶ ቤት በሰነበተ ጊዜ ካርታ ይዘው የሚቀመጡ ጎረቤቶች የሟቹን ጨዋታ እያነሡ ይስቃሉ፤ አስከሬን በሚወጣበት ሰዓት ግን እንዲያ የሚያደርግ የለም።

ጉዳዩ በውጭ አገር ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝኛን ከፈሊጥ ዝርዝር የተማረ ሰው «ኪክ ዘ ባኬት፦ መሞት» የሚል አንድ መስመር በቃሉ ይይዛል፤ ዝርዝሩ ፍቺውን እንጂ ማን ለማን እንደሚለው አይነግረውም። አባቱ ለሞተበት የሥራ ባልደረባ በደብዳቤ ይህንን ቢጽፍ ተቀባዩ መጀመሪያ የሚያስበው የቋንቋ ስሕተት ሳይሆን ንቀት ሊሆን ይችላል፤ እንግሊዝኛው ጥሩ የሆነ ጸሐፊ ከሆነ ደግሞ ይባስ፤ ለጀማሪ የሚሰጠው ይቅርታ ለእሱ አይሰጠውም። ከባልዲው የተወለደው «ባኬት ሊስት» ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው ከመሞቱ በፊት ሊያደርጋቸው የሚመኛቸውን ነገሮች የሚያመለክተው ይህ ሐረግ በ2007 በወጣ ተመሳሳይ ስም ባለው ፊልም ተሰራጭቷል፤ ሞቱ በውስጡ ስለተደበቀና ሰው ስለ ራሱ ምኞት የሚናገርበት ስለሆነ በሐዘን ንግግር ውስጥ እንኳ «የባኬት ሊስቱን ጨርሶ ሄደ» ቢባል እምብዛም አያስቀይምም።

ባልዲውን የፈራ ሰው በተቃራኒው ወደ ሽፋን ቃል ብቻ መሸሽ የለበትም። «ፓስድ አዌይ» ለሐዘንተኛ ፊት ለፊት ሲነገር ለስላሳና የተለመደ ነው፤ ሐዘንን ለመግለጽም «አይም ሶሪ ፎር ዩር ሎስ» የሚለው ይበቃል፤ ነገር ግን «ዳይድ» የሚለው ቀጥተኛ ግሥ በእንግሊዝኛ ስድብ አይደለም። ብዙ የአሜሪካ ጋዜጦች የሚከተሉት የአሶሺየትድ ፕሬስ የአጻጻፍ መመሪያ እንዲያውም በዜና ውስጥ ከሽፋን ቃላት ይልቅ ይህንኑ ግሥ ይመርጣል። በሰው ፊት «ሞተ» ማለት የሚከብደው አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሲሰማ ሊደነግጥ ይችላል፤ ለእንግሊዝኛ አድማጭ ግን ቃሉ ግልጽና ትክክለኛ ነው፤ ክብሩን የሚያመጡት «ከረጅም ሕመም በኋላ» እና «ቤተሰቡ በተገኙበት» የሚሉት ተከታይ ቃላት ናቸው፤ «ዳይድ» እነሱን ያለ ችግር ይቀበላል።